«ክትባቱ ይዞለት ይሆን?» የኩፍኝን ሁለተኛ ዶዝ ነጭ ሰሌዳ ላይ ስንስለው

መጀመሪያ የሰራኋት የነጭ ሰሌዳ ቪዲዮ ወታደር ነበረባት። ክትባቱ አሰልጣኝ ሆኖ ፊሽካ ይነፋል፣ ወታደሮቹ ይሰለፋሉ፣ ከዛ እውነተኛው ኩፍኝ ሲመጣ ተኩሰው ይጥሉታል፣ ሁለት ደቂቃ ከምናምን ሰከንድ። ቡሬ አጠገብ አንድ ቀበሌ፣ ቡና ላይ፣ በስልክ ሳሳያቸው ማንም ፈገግ አላለም። እኔም ዘግይቶ ነው የገባኝ፣ ባሁኑ ጊዜ ጎጃም ውስጥ መሳሪያ የያዘ ሰው ስሎ «ይሄ ጠባቂሽ ነው» ማለት ምን አይነት አለማሰብ ነው።

ግን ቪዲዮዋን የገደላት ወታደሩ አይደለም፣ አንዲት የሁለት ወር ልጅ ያቀፈች ሴት የጠየቀችኝ ነው። «በዘጠኝ ወሩ ከሰለጠነ ባስራ አምስት ወሩ ደግሞ ምን ያሰለጥነዋል? ረሳው እንዴ?» አለችኝ። እኔም ሁሉም የሚለውን አልኩ፣ «እንዲያጠነክረው ነው»። ለፔንታ፣ አምስት በሽታን አንድ ላይ ለሚከላከለው ክትባት፣ ብላኝ ቢሆን ልክ ነኝ፣ እሱ ሶስት ጊዜ የሚሰጠው አንዱ ባንዱ ላይ እየተደረበ እንዲጠነክር ነው። ኩፍኝ ግን እንደዛ አይደለም፣ የኩፍኝ ሁለተኛ ዶዝ ዋና ስራው ማጠንከር ሳይሆን የመጀመሪያው ያልያዘላቸውን ልጆች ድጋሚ መሞከር ነው። ይሄ ልዩነት ትንሽ ይመስላል እንጂ ቪዲዮውን ከስሩ ነው የቀየረው፣ ምክንያቱም «ስልጠና» የሚለው ቃል ራሱ ነው ያሳሳተን።

ሰውነት ማንንም አያስተምርም። አንድ ነጭ የደም ሴል ቁጭ ብሎ የኩፍኝን መልክ አያጠናም። ልጁ ምንም በሽታ ሳያይ ገና ከመጀመሪያው ደሙ ውስጥ በቢሊዮን የሚቆጠሩ ሴሎች አሉት፣ እያንዳንዱ አይነት ላዩ ላይ የራሱ የሆነ ቅርጽ አለው፣ ያም ቅርጽ በዕጣ የወጣለት ነው። ከነዛ ውስጥ በአጋጣሚ ለኩፍኝ የሚገጥሙ ጥቂቶች አሉ። ክትባቱ የሚያደርገው እነሱን ፈልጎ ማግኘትና ማብዛት ነው፣ ስለዚህ ስራው ከትምህርት ይልቅ ለዘር መረጣ ይቀርባል። (ክትባት የሚለው ቃል ከተበ፣ ማለትም ጻፈ፣ ከሚለው ነው፣ ክታብም ከዛው። ደስ የሚል ቃል ነው ግን እሱም ሰውነትን ባዶ ብራና ያስመስለዋል፣ ባዶ ደግሞ አይደለም።)

ዘር ካልን ጎጃም ውስጥ ብዙ ማስረዳት አያስፈልግም። መጀመሪያ በቆሎ ስዬ ነበር፣ አንድ ገበሬ ወዲያው ያዘኝ፣ «በቆሎ እኮ ሀይብሪድ ነው፣ ዘሩን በየአመቱ ነው የምንገዛው፣ ከጎታ አውጥተህ ብትዘራው ያው አይመጣም»። ልክ ነው። ገብስ አደረግነው።

እዚህ ላይ ስለ አሳሳሉ ትንሽ ልበል። አማርኛ በዝግታ ሲነበብ በሰከንድ ሁለት ቃል አይሞላም፣ ስለዚህ አስራ ሁለት አስራ ሶስት ቃል ያለው አንድ መስመር ሰባት ስምንት ሰከንድ ይወስዳል። እጅ ግን አንድ ማሳ ለመሳል ግማሽ ደቂቃ ይፈልጋል። መፍትሄው ድምፁን አስቀድሞ መቅዳት፣ ስዕሉን በእርጋታ ስሎ መቅረጽ፣ ከዛ ቀረጻውን ከድምፁ ጋር እኩል እስኪሆን ማፍጠን ነው። ሌላው የተማርኩት፣ እጁ ነገሩን መሳል የሚጀምረው ስሙ ከመጠራቱ ትንሽ ቀደም ብሎ መሆን አለበት፣ ከቃሉ በኋላ ከመጣ ተመልካቹ ጆሮውን ትቶ እጁን ማሳደድ ይጀምራል። ከለር ሶስት ብቻ፣ ሰማያዊ ለልጁ፣ ቀይ ለኩፍኝ፣ ጥቁር ከእናት ለመጣው።

እንግዲህ እንዲህ ይጀምራል።

ከ0 እስከ 8 ሰከንድ። «ልጅሽ ገና ምንም በሽታ ሳያይ፣ ደሙ ውስጥ ብዙ አይነት ገብስ የበቀለበት ማሳ አለ።» ስዕሉ፦ በሰማያዊ የልጅ ቅርጽ፣ «ማሳ» ሲባል ደረቱ ላይ ትልም ይሰመራል።

ከ8 እስከ 17። «ዛላው ሁሉ ጫፉ ይለያያል፣ አንዱ ሹል፣ አንዱ ክብ፣ አንዱ እንደ መንጠቆ ነው።» ሶስት ዛላ፣ እያንዳንዱ ስሙ ሲጠራ። ከዛ ሁለት ሰከንድ ዝምታ፣ እጁ ብቻ ሌሎች አስር ዛላ በፍጥነት ይጨምራል።

ከ19 እስከ 27። «ክትባቱ የደከመ የኩፍኝ ቫይረስ ነው፣ ህይወት አለው፣ ለማሳመም ግን ጉልበት የለውም።» ክንዱ ላይ ቀይ ነጥብ፣ ላዩ ላይ መንጠቆ የሚገባበት ቀዳዳ ያለው። ከሴሉ በጣም አሳንሶ መሳል ነው፣ መጀመሪያ እኩል አድርጌያቸው ቫይረሱ በሬ አክሎ ነበር።

ከ27 እስከ 36። «ቃፊር የሆነ ሴል ቁራጩን ይዞ ብብት ስር ወዳለው ንፍፊት ይሄዳል፣ እዛ ላሉት ያሳያል።» ከክንድ ወደ ብብት ቀስት።

ከ36 እስከ 44። «ከሁሉም መሀል ጫፉ የገጠመው ብቻ ይነቃል፣ እሱ ብቻ መብዛት ይጀምራል።» መንጠቆው ቀዳዳው ውስጥ ሲገባ እጁ አንድ ሰከንድ ቀጥ ይላል። ሌሎቹ ዛላዎች አይጠፉም፣ እዛው ቆመው ይቀራሉ፣ ለሌላ በሽታ ያስፈልጋሉና።

ከ44 እስከ 55። «አንዱ ሁለት፣ ሁለቱ አራት፣ አራቱ ስምንት፤ ምርቱ እስኪደርስ ሁለት ሳምንት ገደማ ይፈጃል።» እዚህ ስዕሉን አላፈጥነውም፣ መዘግየቱ ራሱ መልእክት ነው።

ከ55 እስከ 65። «አብዛኛው ምርት ስራውን ሰርቶ ያልቃል፣ የተወሰነው ግን ለዘር ተብሎ ጎታ ይገባል።» ጎታ ይሳላል፣ ሶስት መንጠቆ ፍሬ ይገባበታል። ይሄ ጎታ እስከ መጨረሻው አይጠፋም፣ ሰሌዳው ላይ ቀኝ ጥግ ይቀመጣል።

ምሳሌው የሚያነክስበት ቦታም አለ። ገበሬው አይቶ፣ አስቦ ነው የሚመርጠው፣ ሰውነት ግን አያስብም፣ የገጠመ ይበዛል ያልገጠመ ዝም ይላል፣ በቃ። ሌላው፣ ለኩፍኝ አንቲቦዲ፣ ማለትም ደም ውስጥ እየዞረ ቫይረሱን የሚይዘውን ነገር፣ ከሚያመርቱት ሴሎች የተወሰኑት መቅኔ ውስጥ ገብተው ለአስርት አመታት ማምረት ይቀጥላሉ፣ ስለዚህ ምርቱ ጭራሽ አያልቅም። ቪዲዮው ውስጥ ግን አላስገባሁትም፣ ሶስት ደቂቃ ለሁሉም አይበቃም።

የማሳው ታሪክ አልቆ ነጭ ሰሌዳ ከሌላው ቪዲዮ የሚበልጥበት ቦታ ላይ እንመጣለን፣ መደምሰስ።

ከ65 እስከ 74። «ልጅሽ ሲወለድ የራሱ ጎታ ባዶ ነው፣ ከአንቺ ተበድሮ ነው የሚመጣው።» ጎን ለጎን እናትና ልጅ፣ ከእናት ወደ ልጅ ጥቁር ነጥቦች።

ከ74 እስከ 83። «ያ ብድር ግን ወር በመጣ ቁጥር ያልቃል፣ ዘጠነኛው ወር ላይ ብዙም አይተርፍም።» እጁ በጣቱ ጥቁሮቹን ነጥቦች አንድ አንድ እያለ ይደመስሳል፣ ጥቂት ያስቀራል። ሴቶቹ ስልኩ ላይ ጎንበስ ያሉት እዚህ ጋ ነው።

ከ83 እስከ 93። «ብድሩ ሳያልቅ ክትባቱ ከመጣ ያንቺ አንቲቦዲ ይጠርገዋል፣ የልጁ ማሳ ሳያየው ይቀራል።» ቀዩ ነጥብ ገባ፣ የቀሩት ጥቁሮች ከበቡት፣ ተደመሰሰ፣ ዛላዎቹ እንደቆሙ ናቸው።

የመጀመሪያው ዶዝ ለምን በ9 ወር ሆነ የሚለው መልሱ ይሄው ነው። ቢዘገይ፣ እስከ 12 ወር ቢጠበቅ፣ የእናት አንቲቦዲ ጨርሶ ስለሚጠፋ የሚይዝላቸው ከ100 ወደ 93 ይጠጋሉ። በ9 ወር ሲሰጥ 85 ያህሉ ናቸው። ታዲያ ለምን አይጠበቅም? ኩፍኝ ራሱ አይጠብቅማ፣ እኛ ጋ ብድሩ ያለቀበት የ9 ወር ልጅ ሶስት ወር ሙሉ ባዶውን ሊከርም ነው፣ እንደኛ በሽታው ደጅ ላይ ያለበት አገር ደግሞ ያንን አደጋ አይገዛም። ስለዚህ 15ቱ እንደሚቀሩ እያወቅን ቀድመን እንከትባለን፣ ከዛ በ15 ወር እንመለስላቸዋለን። ኢትዮጵያ ይሄን ሁለተኛ ዶዝ በመደበኛው ክትባት ውስጥ ያስገባችው በ2019 (በነሱ አቆጣጠር) ነው፣ ስለዚህ ብዙ እናቶች የበኩር ልጃቸውን አንዴ ብቻ አስከትበው አሁን ሁለት ጊዜ ሲባሉ ግራ ቢገባቸው አይፈረድም።

ከ93 እስከ 103። «መቶ ልጅ በዘጠኝ ወራቸው ተከተቡ እንበል፤ ሰማንያ አምስት ያህሉ ያዘላቸው።» አስር በአስር ተደርጎ ቀድሞ የተሳለ የነጥብ መደዳ አለ፣ እጁ ስምንት ተኩል መስመር በሰማያዊ ያስነካል።

ከ103 እስከ 111። «አስራ አምስቱ ክንዳቸው ተወግቷል፣ ካርዳቸው ተጽፏል፣ ጎታቸው ግን ባዶ ነው።» ባዶዎቹ ላይ ክብ። ሶስት ሰከንድ ሙሉ ዝምታ።

ከ114 እስከ 123። «እነማን እንደሆኑ በአይን አይለይም፤ ስለዚህ ሁሉም በአስራ አምስት ወራቸው ይመለሳሉ።»

ከ123 እስከ 130። «ያን ጊዜ ከአስራ አምስቱ አስራ አራቱ ይይዝላቸዋል።» አስራ አራት ነጥብ ሰማያዊ ሆነ፣ አንድ ቀረ።

«በአይን አይለይም» የምትለዋ መስመር ላይ ብዙ ተከራክረናል፣ ምክንያቱም ሰው የሚለይ ይመስለዋል። የሳንባ ነቀርሳው ክትባት ክንድ ላይ ጠባሳ ይተዋል፣ ኩፍኙ አይተውም፣ ስለዚህ ጠባሳ መፈለግ ዋጋ የለውም። ትኩሳትም ምልክት አይሆንም። የኩፍኝ ክትባት ትኩሳት ካመጣ የሚያመጣው በማግስቱ ሳይሆን ከሳምንት በኋላ፣ ከ7ኛው እስከ 12ኛው ቀን አካባቢ ነው፣ የደከመው ቫይረስ ቀስ ብሎ ስለሚራባ፣ አንዳንዴ ትንሽ ሽፍታም ይኖራል። ግን አብዛኛው ልጅ ምንም ሳያሳይ ይይዝለታል። በዛው ማታ የመጣ ትኩሳት ካለ ምናልባት አብሮ ከተሰጠ ሌላ ክትባት ነው ወይ ሌላ በሽታ ነው። እርግጠኛ የሚያደርገው የደም ምርመራ ብቻ ነው፣ እሱን ደግሞ ለያንዳንዱ ህጻን ከመስራት ሁለተኛ መውጋት ይቀላል።

ያለመያዝ ሁሉ የእናት አንቲቦዲ ጥፋት አይደለም፣ የብልቃጡም አለበት። ክትባቱ ደረቅ ዱቄት ሆኖ ነው የሚመጣው፣ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይቀመጣል፣ ከውሃው ጋር ከተቀላቀለ በኋላ ግን ቀዝቃዛ ቦታ ላይ ሆኖም ከ6 ሰአት በላይ አይቆይም፣ የተረፈው ይደፋል። አንድ ብልቃጥ ለብዙ ልጅ ስለሆነ ደግሞ ጤና ኤክስቴንሽኗ ለሁለት ልጅ ብላ መክፈት ይከብዳታል፣ «ሌሎችም ሲመጡ» ትላለች፣ ሁለት ሰአት በእግር የመጣችው እናት ትመለሳለች፣ ብዙ ጊዜ በዛው ትቀራለች። መብራት ሲጠፋ፣ መንገድ ሲዘጋ ደግሞ ፍሪጁ ራሱ ጥያቄ ውስጥ ይገባል። ሙቀት የገደለው ክትባት ሲወጋም ሲያለቅስም ካርድ ላይ ሲጻፍም ከጤነኛው አይለይም።

አሁን ሂሳቡን እውነተኛ ቀበሌ ላይ እናውርደው፣ ይሄ ቪዲዮው ውስጥ የለም ግን ለጤና ኤክስቴንሽኖቹ ለብቻ አሳይቻቸዋለሁ። በአመት 100 ልጅ የሚወለድበት ቀበሌ እንበል። 90ው የመጀመሪያውን ወሰዱ፣ ጥሩ የሚባል ነው። ከነሱ ወደ 76 ይይዝላቸዋል። ለሁለተኛው የተመለሱት 60 ብቻ ናቸው። ካልያዘላቸው 14 ውስጥ 9 ያህሉ ከተመላሾቹ መሀል ይሆናሉ፣ እነሱም ከሞላ ጎደል ይይዝላቸዋል። ድምር 85። ሪፖርቱ 90 ይላል፣ ጎታው 85 ይላል። ኩፍኝ ማንም ያልተከተበበት ቦታ አንዱ በሽተኛ ከ12 እስከ 18 ሰው ነው የሚያሲዘው፣ መካከሉን 15 እንያዝ። ከሚያገኛቸው 15 ሰዎች ከመቶ ሰማንያ አምስት እጁ ከተጠበቁ፣ ማለትም መቶኛው 85 ከሆነ፣ ሁለት ሰው ይተርፈዋል፣ እያንዳንዱ በሽተኛ ሁለት ያሲዛል፣ ወረርሽኝ ነው። መቶኛው 95 ቢሆን ግን አንድ ሰው እንኳ በቅጡ አያገኝም፣ እሳቱ ይከስማል። 95 የሚባለው ቁጥር ከዚህ የመጣ ነው። ያልተጠበቁት 15 ደግሞ የትም አይሄዱም፣ በሚቀጥለው አመት ሌላ 15 ይጨመርባቸዋል፣ አራት አመት 60 ልጅ ይሆናል፣ ለዛ ነው ኩፍኝ «ጠፋ» ሲባል ከርሞ በአንዴ ትምህርት ቤቱን የሚያዳርሰው።

ቡና ላይ የተነሳ ሌላም ነገር ነበር፣ የአንዲት እናት አማት፣ «እኛ ሁላችንም ወጥቶልናል፣ ወጥቶለት ቢያልፍ አይሻለውም?» አሉ። ያልሞቱት ናቸው ይሄን የሚሉት የሚለውን መልስ ዋጥ አድርጌ ነቀዝ ሳልኩላቸው።

ከ130 እስከ 141። «እውነተኛው ኩፍኝ እንደ ነቀዝ ነው፤ ጎታ ውስጥ ገብቶ ለሌላ በሽታ ያስቀመጥነውን ዘር ይበላል።» ቀኝ ጥግ የነበረው ጎታ ይከፈታል፣ ውስጡ ክብም ሹልም ፍሬ አለ፣ ቀዩ ነቀዝ ሲገባ እጁ ፍሬዎቹን ይደመስሳል።

ይሄ ለማስፈራራት የተፈጠረ ስዕል አይደለም። ኩፍኝ የሚያጠቃው ራሳቸውን የዘር ሴሎቹን ነው። በ2019 የወጣ ጥናት ኔዘርላንድ ውስጥ ያልተከተቡ ልጆችን ከኩፍኝ በፊትና በኋላ ደማቸውን አይቶ፣ ለሌሎች በሽታዎች ከነበራቸው አንቲቦዲ ውስጥ ከ11 እስከ 73 በመቶው ጠፍቶ አገኘው። በክትባቱ የደከመው ቫይረስ ላይ ግን ይሄ ጥፋት አልታየም። ስለዚህ «ወጥቶለት ያለፈ» ልጅ ከዛ በኋላ በሳንባ ምች፣ በተቅማጥ ሲንገላታ የምናየው ዝም ብሎ አይደለም። ሴትዮዋ ነቀዙን ሲያዩ «እንዲህ ነው ለካ» ብለው ዝም አሉ፣ አምነው ይሁን አክብረውኝ አላውቅም።

ከ141 እስከ 153። «ኩፍኝ ሽፍታ እስኪያወጣ ሁለት ሳምንት ገደማ ይፈልጋል፤ ከጎታ የወጣ ዘር ግን በጥቂት ቀን ይደርስበታል።» ሁለት መስመር፣ ቀዩ ቀስ ብሎ ይሄዳል፣ ሰማያዊው ዘግይቶ ተነስቶ ይቀድመዋል። ልጁ ምንም አላመመውም፣ ቫይረሱ እንደገባም አላወቀም።

ጥር ላይ ተመልሼ አሳየኋቸው። ያቺ ጠያቂዬ ልጇን ጡት እያጠባች እስከ መጨረሻው አየችና «እና የኔ ከሰማንያ አምስቱ ይሁን ካስራ አምስቱ በምን አውቃለሁ?» አለችኝ።

«አታውቂም» አልኳት።

«እኮ። ታዲያ አስራ አምስት ወር የምትለው መቼ ነው?» ልጇ የመስከረም ነው። በጣቷ ቆጠረች፣ ዘጠነኛው ሰኔ፣ አስራ አምስተኛው የሚቀጥለው ታህሳስ። «ታህሳስ? ታህሳስ እኮ ውቂያ ነው፣ ማን ያደርሰዋል?»

የቪዲዮው የመጨረሻ መስመር «በአስራ አምስት ወሩ መመለስ እንዳትረሺ» የሚል ነበር፣ አወጣሁት። አሁን ያለው እንዲህ ነው፣ ከ153 እስከ 163። «ልጅሽ የመስከረም ከሆነ ሰኔ ላይ፣ ቀጥሎ ደግሞ በሚመጣው ታህሳስ፤ ውቂያው መሀል ነው፣ አንድ ጠዋት ለይተሽ ያዢለት።» ስዕሉ፦ አውድማ፣ በሬዎች፣ ጥግ ላይ አጎዛ ላይ የተቀመጠ የክትባት ካርድ። ለሌሎቹ ወሮችም አስራ አንድ መስመር ለብቻ ቀድቻለሁ፣ ጤና ኤክስቴንሽኗ የልጁን ወር አይታ የሚሆነውን በቴሌግራም ትልካለች።